ከኋላ የገባውን ሰው ከፎቶ ላይ ማውጣት፦ ዳር ዳሩን በ Clone፣ መሀሉን በ Heal

የምንሠራበት ፎቶ ይሄ ነው። አንዲት ተመራቂ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ የግቢ ግድግዳ አለ። ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ክሬም የተቀባ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የምናውቀው ዓይነት። መሬቱ ኮብልስቶን ነው። በፎቶው ቀኝ በኩል ደግሞ፣ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቀይ ቲሸርት የለበሰ ሰውዬ ስልክ ያወራል። ወደ እሷ ያለው ትከሻው ከጋዋኗ እጅጌ ኋላ ገብቷል። ጥላው ኮብሉ ላይ ተጋድሞ እስከ ጋዋኗ ጫፍ ይደርሳል።

ይህን ፎቶ የመረጥኩት ሦስቱም ችግሮች አንድ ላይ ስላሉበት ነው። ሰውዬው ቀጥ ያለ መስመር ሸፍኗል፣ ባለጉዳይዋን ነክቷል፣ መሬት ላይ ደግሞ ጥላ ጥሏል። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው ወይም ሰማይ ላይ ያለ የመብራት ሽቦ ማጥፋት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የምሠራው GIMP በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ፎቶሾፕ ያላችሁ ሰዎች ዘዴው ያው ነው፤ ምንጭ ለመውሰድ Ctrl የምላችሁ ቦታ ላይ Alt ትጫናላችሁ፣ የአንዳንድ ማዘዣዎች ስምና ቁልፍ ይለያል። ስልክ ብቻ ላላችሁ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጥቂት ነገር አለ።

ብዥታው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው። የ Heal ብሩሽን ያነሳል፣ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች ይፈትገዋል፣ ከዚያ ሰውዬው በቆመበት ቦታ ሐምራዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ደመና ያገኛል። "ይሄ ነገር አይሠራም" ብሎ ይተወዋል። ብሩሹ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው።

ሁለቱ ብሩሾች ሥራቸው የተለያየ ነው። Clone ከመረጣችሁለት ቦታ ያለውን እንዳለ፣ ቀለሙንም ብርሃኑንም ሳይቀይር ይገለብጣል። Heal ግን ከምንጩ የሚወስደው ሸካራነቱን ብቻ ነው። ቀለሙንና ብርሃኑን የሚወስደው ከሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ክሬሙ ግድግዳ ላይ ሆናችሁ የብሩሹ ጠርዝ ቀዩን ቲሸርት ከነካ፣ Heal ቀዩን እንደ አካባቢው ቀለም ይቆጥረዋል፤ ከግድግዳው ጋርም ያዋህደዋል። ጥቁሩን ጋዋን ከነካ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ይወጣል። ብዥታ የምንለው ነገር አብዛኛው ይህ የቀለም መድማት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በጣም ለስላሳ ብሩሽ ነው። ማንኛውም ፎቶ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ደቃቅ ቅንጣት አለው። ለስላሳና ስስ ብሩሽ ደጋግማችሁ ስታስኬዱበት አንዱ ቅንጣት በሌላው ላይ እየተደረበ ይጠፋፋል። ግድግዳው እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል። ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ባይገባውም ዓይኑ እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። የተለያዩ ነገሮች የሚገናኙበትን ዳር ሁሉ መጀመሪያ በ Clone እንጨርሳለን። ከዚያ መሀሉን እንሞላለን። Heal የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ስፌቱን ለማስተካከል ብቻ። የመጨረሻው ቀይ ነጥብ ሳይጠፋ Heal አትንኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዋናውን ፋይል ፈልጉ። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ የተላከላችሁ ከሆነ መጠኑ አንሷል፣ ተጨምቋልም። የተጨመቀ ጄፔግ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ 8 በ 8 ፒክስል። እነዚህን ስትገለብጡ አራት ማዕዘኖቹ ከአዲሱ ቦታ ጋር አይገጥሙም፣ መጋጠሚያውም ይታያል። ፎቶውን ያነሳውን ሰው "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት።

እግረ መንገዳችሁንም ሌላ ፎቶ እንዳለው ጠይቁት። ምርቃት ላይ አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ሰው የለም። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ወይም ካለፈ በኋላ ከዚያው ቦታ የተነሳ ካለ፣ ግማሹ ሥራ አለቀ። በ `File > Open as Layers` ታመጡታላችሁ፣ ከላይ አድርጋችሁ ከታችኛው ጋር ታገጣጥማላችሁ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን የግድግዳና የመሬት ቁራጭ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ትሰርዛላችሁ። ከእውነተኛ ግድግዳ የተሻለ መጠገኛ የለም።

ካልተገኘ ፎቶው በመቆረጥ ይድን እንደሆነ እዩ። ሰውዬው ጠርዝ ላይ ከሆነ ቆርጦ መጣል ከሁሉም ይፈጥናል። የእኛው ግን ትከሻው ከእጅጌዋ ኋላ ስለገባ ቆርጠን አናመልጥም።

አሁን ፎቶውን ክፈቱና `Shift+Ctrl+D` ተጫኑ። ሌየሩ፣ ማለትም ፎቶው ያለበት ንጣፍ፣ ይባዛል። የምንሠራው በላይኛው ላይ ነው፤ የታችኛው ሳይነካ ይቀመጣል። ቀጥሎ `Layer > Transparency > Add Alpha Channel` በሉ። ይህችን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። ጥቅሟ የተበላሸውን ቦታ በላጲስ ስትሰርዙ የታችኛው እውነተኛ ፎቶ ብቅ እንዲል ነው። ካላደረጋችሁ ላጲሱ ነጭ ወይም ሌላ ቀለም ይቀባባችኋል።

ሌላው ነገር ማየት ነው። አይጡን ሳትነኩ ፎቶውን አጉሉትና የሰውዬው የሆነውን ሁሉ ፈልጉ። አካሉ ብቻ አይደለም። ጥላው አለ። ክንዷ ከወገቧ ጋር በሚፈጥረው ቀዳዳ ውስጥ የቲሸርቱ ቁራጭ ሊኖር ይችላል። መነጽር አድርጋ ከሆነ፣ ወይም አጠገቧ መኪና ቆሞ ከሆነ፣ መስታወቱ ላይ ምስሉ ሊኖር ይችላል። ሰው ጠፍቶ ጥላው ሲቀር የሚያስቅ ነገር ይሆናል። እውነቴን ነው፣ ፌስቡክ ላይ በየጊዜው የምናየው ነው።

የጋዋኑን ጠርዝ ማጠር

መጀመሪያ ልጅቷን ከእኛ ከራሳችን እንጠብቃት። `F` ተጫኑ፤ Free Select ይመጣል። ፎቶውን እስከ 200% አጉሉ። ሰውዬው ከጋዋኑ ጋር በሚነካካበት ቦታ፣ በእጅጌዋ ጠርዝ ላይ፣ ነጥብ በነጥብ እየተጫናችሁ ውረዱ። ከዚያ በሰውዬውና በጥላው ዙሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ዞራችሁ መነሻው ላይ ዝጉትና `Enter` ተጫኑ። አሁን ብሩሹ ከዚህ ክልል ውጪ አይቀባም። ጋዋኑን ብትነኩም አይበላሽም። ምንጭ ግን ከክልሉ ውጪ መውሰድ ትችላላችሁ፣ አይከለክልም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ መስመሩን ጠርዙ ላይ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ጋዋኑ ውስጥ አስገቡት። ጥቁሩና ቀዩ በሚገናኙበት ቦታ ያሉት ፒክስሎች የሁለቱ ቅልቅል ናቸው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ጥቁር ቡናማ ቀይ ናቸው። እነሱን ከተዋችኋቸው ሰውዬው ጠፍቶ እጅጌዋ ላይ ቀጭን ቀይ ክር ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ክልሉን `Select > Feather` ብላችሁ በ 1 ወይም 2 ፒክስል አለስልሱት። ፎቶ ውስጥ ምንም ጠርዝ ምላጭ አይሆንም። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ወደ ሌላኛው ትከሻዋ ሂዱ፤ እዚያ ምንም ሰው የለም፣ ጋዋኑ ከግድግዳው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጥቁሩ ወደ ክሬም ለመለወጥ ስንት ፒክስል ይፈጅበታል? እናንተም ያንኑ ስጡት። ካላለሰለሳችሁት ልጅቷ ከጋዜጣ በመቀስ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች።

አሁን `C` ተጫኑ፤ Clone ይመጣል። ከጎን ባለው ሰሌዳ Opacity 100፣ Hardness 75 አካባቢ፣ Alignment ደግሞ Aligned ይሁን። የ Aligned ጥቅም ብሩሹን አንስታችሁ እንደገና ስትጀምሩ በምንጩና በምትቀቡት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ሳይቀየር መቀጠሉ ነው። ከሰውዬው በስተቀኝ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ካለ ንጹሕ ክሬም ግድግዳ ላይ `Ctrl` ይዛችሁ ጠቅ አድርጉ። ከዚያ በእጅጌዋ ጠርዝ ዳር ዳር ከላይ ወደ ታች አጫጭር ምት እየሰጣችሁ ውረዱ። ረጅም ጉተታ አይሁን። አጭር ምት ከተበላሸ በ `Ctrl+Z` እሱ ብቻ ይመለሳል።

ክሬሙና አረንጓዴው ወደሚገናኙበት መስመር ስትቃረቡ አቁሙ። እሱ የራሱ ዘዴ አለው።

የግድግዳው መስመር

የሰው ዓይን የተሰበረ መስመር ቶሎ ያያል። ቀለሙ ትንሽ ቢለይ ሊያልፈው ይችላል፣ ሁለት ፒክስል የዘለለ መስመር ግን አያልፈውም።

ስለዚህ ምንጩን መስመሩ ላይ ውሰዱ። ብሩሹ ግማሹ ክሬም፣ ግማሹ አረንጓዴ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ፣ ከሰውዬው በስተቀኝ `Ctrl` ይዛችሁ ጠቅ አድርጉ። ቀጥሎ ያለው ነው ቁልፉ። የመጀመሪያውን ምት ሰውዬው ላይ አታሳርፉት። ከእሱ አጠገብ፣ መስመሩ ገና በሚታይበት ቦታ ላይ አሳርፉት። የተገለበጠው መስመር ካለው መስመር ጋር በትክክል ከገጠመ ምንም የተቀየረ ነገር አይታይም። ከዘለለ ወዲያው ይታያችኋል፤ `Ctrl+Z` ብላችሁ እንደገና ሞክሩ። ሲገጥም ብቻ ወደ ሰውዬው እየገፋችሁ ግቡ።

ካሜራው በትንሹ አዘንብሎ ከሆነ መስመሩም አዘንብሏል። ያኔ ምንጩን በአግድም አስባችሁ ከወሰዳችሁት መስመሩ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ከላይ ያልኩት የመጀመሪያ ምት ይህንንም ያጋልጣል። ግድግዳው ከካሜራው እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ተራ በተራ ጀምራችሁ መሀል ላይ ተገናኙ። እዚህ ግን በግራ በኩል ሰውዬው ከጋዋኗ ጋር ስለተጣበቀ ግድግዳ አይታይም። በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያለን። ስለዚህ መስመሩ ከልጅቷ ማዶ፣ በፎቶው ግራ በኩል፣ በምን ከፍታ እንደሚወጣ ተመልከቱና ወደዚያ እያነጣጠራችሁ ሂዱ። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ከጥርጣሬ ለመገላገል ከላይ ካለው ማስመሪያ ሰማያዊ መስመር ጎትታችሁ አምጡና አስተያዩ። እሷ መለኪያ ናት፣ ፎቶው ላይ አትታተምም።

መስመሩ ካለቀ በኋላ ከላይ ክሬሙን፣ ከታች አረንጓዴውን ሙሉ። አሁን ብሩሹን ማተለቅ ይቻላል። ግን ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ። ግድግዳ ወጥ ሆኖ የተቀባ ቢመስልም ብርሃኑ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ልጅቷ ሲጠጋ ትንሽ ይጨልማል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ይደምቃል። ከሩቅ ያመጣችሁት ቁራጭ እንደ ጥፍጥፍ ጎልቶ ይታያል። ምንጩን ከቅርብ ውሰዱ፣ በየሁለት ሦስት ምቱም ቀይሩት። ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳ ወይም የተላጠ ቀለም ካለ ሁለት ጊዜ እንዳትገለብጡት። አንድ የተላጠ ቦታ ማንም አያስተውለውም። ተመሳሳዩ መንትያ ሲኖረው ግን ወዲያው ያሳብቃል።

ኮብሉና ጥላው

ኮብልስቶን የሚያስፈራ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከግድግዳው ይሻላል፤ ግርግር ስለሆነ ስህተት ይደብቃል። ሁለት ሕግ ግን አለው።

አንደኛው፣ ምንጩ ከዚያው ረድፍ ይሁን። ለካሜራው የቀረበ ድንጋይ ትልቅ ነው፣ የራቀው ትንሽ ነው። ሰውዬው ከልጅቷ ኋላ ነው የቆመው፤ ስለዚህ በእግሩ ቦታ የሚተካው ድንጋይ በግራም ሆነ በቀኝ ከእሱ እኩል ከራቀ ረድፍ መምጣት አለበት። ከልጅቷ እግር ሥር ወስዳችሁ እዚያ ካደረጋችሁት መሬቱ ያበጠ ይመስላል። ትኩረቱም ይለያል፤ የቅርቡ ድንጋይ ጥርት ያለ ነው፣ የሩቁ ደብዘዝ ያለ።

ሁለተኛው፣ ሙሉ ድንጋይ ገልብጡ። ብሩሹን ከአንድ ድንጋይ ትንሽ ተለቅ አድርጉትና ምንጩን በድንጋዮቹ መካከል ካለው ስንጥቅ ላይ ውሰዱ። ስንጥቁን ከስንጥቅ ጋር ግጠሙ። ግማሽ ድንጋይ ላይ ግማሽ ድንጋይ ከተቀባ የቀለጠ ይመስላል። እዚህ Heal ጨርሶ አይረዳም፤ ስንጥቁንና ድንጋዩን ወደ አንድ ግራጫ ያመጣዋል።

ጥላውን በሁለት ከፍላችሁ እዩት። ከሰውዬው ጫማ ጀምሮ ብቻውን የተጋደመው ክፍል እንዳለ ይጠፋል፤ ፀሐይ በመታው ድንጋይ ይተካል። ወደ ጋዋኗ ጫፍ ሲደርስ ግን ከራሷ ጥላ ጋር ይገናኛል። የእሷን ጥላ ካጠፋችሁ አየር ላይ ተንሳፋ ትቀራለች። የት እንደሚለያዩ ለማወቅ የፀሐይዋን አቅጣጫ ተከተሉ። ሁለቱም ጥላዎች በአንድ አቅጣጫ ነው የሚወድቁት፤ ከእሷ ጫማ ተነስታችሁ ያን አቅጣጫ ስትከተሉ የእሷ ጥላ የት የት እንደሚያልፍ ይገለጽላችኋል። ከዚያ ውጪ ያለው የእሱ ነው።

የጥላ ጠርዝ ከባለቤቱ እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። ጫማ አጠገብ ጥርት ያለ ነው፣ ራስ አካባቢ ደብዛዛ። የእሷን ጥላ ጠርዝ መሙላት ካስፈለጋችሁ ከራሷ ጥላ ሌላ ቁራጭ፣ በተመሳሳይ ርቀት ካለው፣ ገልብጡ። በጥቁር ቀለም ልሳል አትበሉ፤ ጥላ ውስጥ ያለ ድንጋይ አሁንም ድንጋይነቱ ይታያል።

አሁን Heal

ቀይ የሚባል ነገር ከጠፋ በኋላ `H` ተጫኑ። የሚቀረው ስፌት ነው። ክሬሙ ግድግዳ ላይ ሁለት ቁራጭ የተገናኙበት፣ አንዱ ትንሽ ደመቅ አንዱ ጨለም ያለበት ቦታ። ከዚያው ቅርብ ካለ ንጹሕ ግድግዳ በ `Ctrl` ምንጭ ወስዳችሁ ስፌቱ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ብርሃኑ ይዋሃዳል፣ ሸካራነቱ ይቀራል።

ርቀታችሁን ጠብቁ። የብሩሹ ክብ ጋዋኑንም፣ የቀለሙንም መስመር መንካት የለበትም። ከነሱ ቢያንስ የብሩሹን ግማሽ ያህል ራቁ። ወደ ጠርዙ የቀረበ ስፌት ካለ ብሩሹን አሳንሱ፤ `[` ያሳንሳል፣ `]` ያተልቃል። ካልሆነ ወደ Clone ተመለሱ።

እውነት ጠፍቷል?

አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ የቆየ ዓይን መዳኘት ያቅተዋል። ስለዚህ ፎቶውን አስመስላችሁ አዲስ ማድረግ አለባችሁ። `Image > Transform > Flip Horizontally` በሉ፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ሄደ? ፊቷ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ሰውዬው የነበረበት ቦታ ከሆነ አንድ ነገር ቀርቷል። ከዚያ መልሳችሁ ገልብጡት።

ሌላው ማጋነን ነው። በ `Shift+Ctrl+A` የመረጣችሁትን ክልል አንሱና ከላይ ሌላ የሌየር ቅጂ አድርጋችሁ በ `Colors > Curves` ኮንትራስቱን በኃይል ጨምሩ፤ ፎቶው አስቀያሚ እስኪሆን ድረስ። በደህናው ፎቶ ላይ ያልታየ ጥፍጥፍና ደመና እዚህ ፍጥጥ ይላል። ቦታውን ያዙና ቅጂውን አጥፉት፣ ከሥር ያለውን አስተካክሉ። ይህን ማድረግ ተገቢ ነው፤ የአንዳንድ ስልክ ስክሪን ከእናንተ ላፕቶፕ በጣም ስለሚደምቅ ለእናንተ ያልታየው ለአክስቷ ይታያል።

በመጨረሻ `1` ተጫኑ፤ ፎቶው በ 100% ይታያል። የተሠራው ግድግዳ ካልተሠራው ጋር ሲተያይ ለስልሶ ከሆነ ቅንጣቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ቦታውን ምረጡ፣ የክልሉን ጠርዝ በ Feather በ 10 ፒክስል ያህል አለስልሱት፣ ከዚያ `Filters > Noise > RGB Noise` ክፈቱ። Independent RGB የሚለውን አጥፉት፤ አለበለዚያ ባለቀለም ነጠብጣብ ይረጭባችኋል። መጠኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ከጎኑ ካለው ግድግዳ ጋር እስኪመሳሰል ብቻ ጨምሩ። ሰፊ ቦታ ከሆነ ግን ይህን ከማድረግ በጠንከር ያለ ብሩሽ እንደገና Clone ማድረጉን እመርጣለሁ። የካሜራው የራሱ ቅንጣት ምንጊዜም ይበልጣል።

ሥራውን በ XCF አስቀምጡ፣ ሌየሮቹ እንዳይጠፉ። የምትልኩትን ደግሞ `File > Export As` ብላችሁ በጄፔግ፣ ጥራቱን 92 አካባቢ አድርጋችሁ አውጡ። ስትልኩም እንደ ፋይል።

ስልክ ብቻ ካላችሁ

Snapseed ላይ Healing የሚባል መሣሪያ አለ። ችግሩ ምንጩን አትመርጡለትም፤ ራሱ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ከላይ ያለውን ሁሉ እዚያ መሥራት አይቻልም፣ ግን ሎጂኩን መጠቀም ይቻላል። የብሩሹ መጠን ስክሪኑ ላይ አይለወጥም፤ ፎቶውን ባጎላችሁት ቁጥር ብሩሹ እየቀጠነ ይሄዳል ማለት ነው። አጉሉና በትንንሹ ሥሩ። ሰውዬውን ባንድ ጊዜ አትፈትጉት። ከዳር ጀምራችሁ፣ ትንሽ ግድግዳ ጨምራችሁ፣ ቁራጭ በቁራጭ ብሉት። የማያምር ውጤት ከሰጣችሁ መልሱትና በሌላ አቅጣጫ ወይም በሌላ ቅርጽ ሞክሩ፤ ሌላ ምንጭ ሊመርጥ ይችላል።

መሬት ላይ የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን፣ ሰማይ ላይ ያለ ሽቦ፣ ሩቅ ያለ መንገደኛ በዚህ ይወጣል። ትከሻው ከእጅጌዋ ጋር የተጣበቀው ሰውዬ ግን አይወጣም። ቢወጣም እጅጌዋን ይዞ ነው።

የማይሠራበት ቦታ

ሰውዬው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ከሆነ፣ ማለትም የልጅቷን እጅ ወይም የጋዋኗን ግማሽ ከሸፈነ፣ የሚገለበጥ ነገር የለም። ሌላ ፎቶ ላይ ያንን እጅ ካላገኛችሁ ከምናባችሁ ልትስሉት ነው፤ እሱ ሌላ ሙያ ነው። ከበስተኋላው ግማሽ ያህሉን ሕዝብ ከሞላውም ተውት። ከቀረው ትንሽ ግድግዳ ያን ሁሉ ለመሙላት ስትሞክሩ ድግግሞሹ ያጋልጣችኋል። ፎቶውን ከደረቷ በላይ ቆርጣችሁ ስጧት።

የዜና ፎቶ ደግሞ በፍጹም አይነካም፣ ምንም ያህል አሳምራችሁ ብትሠሩት። በ2014 እ.ኤ.አ. አሶሺየትድ ፕሬስ ከአንድ ፍሪላንስ ፎቶ አንሺ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ሰውዬው ያደረገው በሶርያ ጦርነት ላይ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ ማጥፋት ነው። የተሞላው ደግሞ ተራ መሬት ነበር። ለማስረጃነት የሚቀርብ ፎቶም፣ የአደጋም ይሁን የንብረት፣ እንደዚያው ነው፤ ቀይ ቲሸርት የለበሰው ሰውዬ ባለበት ይቁም።